አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፦ የመተንፈሻ አሲዶሲስንና የመተንፈሻ አልካሎሲስን ከደም ጋዝ ምርመራ ስለ መለየት



የዛሬው ርእሳችን ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ቁጥሮቹ የሚገኙት ብዙውን ጊዜ ከእጅ አንጓ ላይ፣ የልብ ምት ከሚዳሰስበት የደም ወሳጅ ቧንቧ በቀጭን መርፌ ተቀድቶ ወደ መሣሪያ ከሚገባ ጥቂት ደም ነው። የመጀመሪያው ፒኤች ነው፤ የደሙን የአሲድነት ልክ ይናገራል። ሁለተኛው በደሙ ውስጥ የሟሟው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ነው። ሦስተኛው ባይካርቦኔት ነው። መሣሪያው የኦክስጅንንም ልክ ይሰጣል፤ ዛሬ ግን የምንነጋገረው በሦስቱ ላይ ነው። ከእነርሱ የምንፈልገው ለአንድ ጥያቄ መልስ ነው፦ ይህ በሽተኛ ትንፋሹ አንሶት ደሙ ወደ አሲድ እያዘነበለ ነው ወይስ ከልክ በላይ ተንፍሶ ወደ አልካሊ? የመጀመሪያውን የመተንፈሻ አሲዶሲስ፣ ሁለተኛውን የመተንፈሻ አልካሎሲስ እንለዋለን።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሁለቱ ተቃራኒዎች ናቸውና ማን ያምታታቸዋል ያሰኛል። ነገር ግን በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሁለቱ የተምታቱበትና ብዙ ሕይወት የጠፋበት ጊዜ ነበር። የማምታቻው መንገድ ዛሬም ስላልተዘጋ ከዚያ እንነሣ።

እ.ኤ.አ. በ1952 የበጋ ወራት የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። በሽተኞቹን የሚቀበለው ብሌግዳም የተባለው የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ነበር። ፖሊዮ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ሽባ ያደረገባቸውን ሰዎች ለመርዳት ሆስፒታሉ የነበረው አንድ የብረት ሳንባና በደረት ላይ የሚገጠሙ ስድስት አነስተኛ መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በዚህ መንገድ ከታከሙት 31 በሽተኞች 27ቱ ሞቱ።

በዚያ ዘመን የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ይለካ የነበረው በደም ውስጥ ያለውን ጠቅላላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ነው። ይህ መጠን በአብዛኛው ባይካርቦኔት ሆኖ የሚገኘውን ክፍል ይቆጥራል። በበሽተኞቹ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኘ። ባይካርቦኔት አልካሊ ስለሆነ ሐኪሞቹ ነገሩን መነሻው ያልታወቀ አልካሎሲስ ነው ብለው ተረጎሙት። ለምክክር የተጠራው የማደንዘዣ ሐኪም ቢዮርን ኢብሰን ግን ሌላ ነገር አየ። በእርሱ ግምት በሽተኞቹ በቂ አየር ስለማያስወጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሰውነታቸው ተከማችቷል፤ የባይካርቦኔቱ መብዛትም የዚሁ ክምችት ውጤት ነው። እንግዲህ ደማቸው አልካሊ ሳይሆን አሲድ መሆን አለበት ማለት ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ፖውል አስትሩፕ የደሙን ፒኤች በለካ ጊዜ ኢብሰን እንዳለው ሆኖ ተገኘ።

የትርጓሜው መለወጥ ሕክምናውን ለወጠው። ነሐሴ 27 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለሞት በተቃረበች የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባ፤ ከቱቦው ጋር የተያያዘ ከረጢትም በእጅ እየተጨመቀ አየር ወደ ሳንባዋ ተላከ። ልጅቱ ተረፈች። ከዚያ በኋላ ወደ 1500 የሚጠጉ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሌት ተቀን ከረጢት ጨመቁ፤ የሟቾቹም ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። በበሽታው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። የተለወጠው የአንድ ቁጥር ንባብ ነው።

ታዲያ አንዱ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ ትርጉም እንዴት ሊኖረው ቻለ? መልሱ በዚህ ቀመር ውስጥ ይገኛል።

```
pH = 6.1 + log( HCO3 / (0.03 × pCO2) )
```

ቀመሩን በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ የሚለውን ማስተዋል ግን ይገባል። የደም ፒኤች የሚወሰነው በባይካርቦኔት ብቻም ሆነ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ አይደለም፤ የሚወሰነው በሁለቱ ጥምርታ ነው። በጤነኛ ሰው ባይካርቦኔቱ 24 ሚሊሞል በሊትር፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ጥምርታው ሃያ ለአንድ ነው፤ ፒኤቹም 7.40 ይሆናል። አሁን የሁለት በሽተኞችን ባይካርቦኔት እንውሰድ፤ የሁለቱም 34 ነው። የመጀመሪያው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 46 ቢሆን ፒኤቹ 7.49 ይሆናል፤ ይህ አልካሎሲስ ነው፤ ለምሳሌ ለብዙ ቀናት ያስመለሰው ሰው ሊሆን ይችላል። የሁለተኛው ግፊት 80 ቢሆን ፒኤቹ 7.25 ነው፤ ይህ ሰው የትንፋሽ እርዳታ ካላገኘ ሊሞት የሚችል ነው። በባይካርቦኔት ብቻ ብናያቸው ሁለቱን መለየት አንችልም። በኮፐንሃገን የሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ ንባቡ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱም ሦስት እርምጃ ነው።

በመጀመሪያ ፒኤቹን ብቻ እናያለን። ከ7.35 በታች ከሆነ ደሙ ወደ አሲድ አዘንብሏል፤ ከ7.45 በላይ ከሆነ ወደ አልካሊ። ይህን ሳንወስን ወደ ሌላው ቁጥር አንሄድም፤ አቅጣጫውን የሚነግረን ፒኤች ብቻ ነውና።

በሁለተኛው እርምጃ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ለዚህ አቅጣጫ ተጠያቂ መሆን አለመሆኑን እንጠይቃለን። በመጻሕፍት የሚሰጠው ጤነኛ ልክ ከ35 እስከ 45 ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ ሲሟሟ አሲድ ስለሚሰጥ፣ ጥፋቱ የትንፋሽ ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ፒኤች ወርዶ ግፊቱ ከወጣ የመተንፈሻ አሲዶሲስ ነው፤ ፒኤች ወጥቶ ግፊቱ ከወረደ የመተንፈሻ አልካሎሲስ ነው። ሁለቱ አብረው ከወረዱ ወይም አብረው ከወጡ ግን መነሻው ትንፋሽ አይደለም። ስኳር በሽታው ያመረቀዘበትን ሰው እንመልከት፤ ፒኤቹ 7.15፣ ግፊቱ 20፣ ባይካርቦኔቱ 7 ነው። በፍጥነትና በጥልቀት ይተነፍሳል። ግፊቱን ብቻ ያየ ሰው አብዝቶ በመተንፈስ የመጣ አልካሎሲስ ነው ሊል ይችላል። ፒኤቹ ግን ደሙ አሲድ መሆኑን ይመሰክራል፤ ፈጣን ትንፋሹም ሰውነቱ ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ትግል ነው። ይህን ትንፋሽ በማስታገሻ መድኃኒት የሚያዳክም ሰው በሽተኛውን የመጨረሻ መከላከያውን ይነጥቀዋል።

በሦስተኛው እርምጃ ባይካርቦኔቱን ስለ ጊዜ እንጠይቀዋለን። ሳንባ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ልክ በደቂቃዎች ውስጥ ይለውጣል፤ ኩላሊት ግን ባይካርቦኔትን በመያዝ ወይም በመልቀቅ ምላሽ እስኪሰጥ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ግፊቱ በ10 ሲጨምር ባይካርቦኔቱ በ1 ያህል ብቻ ከጨመረ ነገሩ የዛሬ ነው፤ በ4 ያህል ከጨመረ ግን የቆየ ነው። በአልካሎሲስም እንዲሁ ነው፤ ግፊቱ በ10 ሲቀንስ ባይካርቦኔቱ በአጣዳፊው ሁኔታ በ2፣ በቆየው ደግሞ ከ4 እስከ 5 ይቀንሳል። ከዚህ ልክ በጣም የራቀ ባይካርቦኔት ካገኘን ሁለተኛ በሽታ ተደርቧል ብለን እንጠረጥራለን።

እነዚህን እርምጃዎች በአንድ በሽተኛ ላይ እንሞክራቸው። ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ አካሄዱ ግን የድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች የሚያውቁት ነው። የ24 ዓመት ወጣት ናት፤ አስም አለባት። ማታ ትንፋሽ አጥሯት መጣች። ተቀምጣ በፍጥነት ትተነፍሳለች፤ ደረቷ ያፏጫል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አልቻለችም። በዚያ ሌሊት ሦስት ጊዜ ደም ተቀዳላት።

```
           pH     pCO2   HCO3
1ኛ  3:00   7.50   28     21
2ኛ  6:00   7.39   39     23
3ኛ  7:30   7.26   58     25
```

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር የሌሊት ነው።

የመጀመሪያውን ውጤት እናንብብ። ፒኤች 7.50 ነው፤ ወደ አልካሊ አዘንብሏል። ግፊቱ 28 ነው፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሄደ መነሻው ትንፋሽ ነው። ግፊቱ ከ40 በ12 ወርዷል፤ በአጣዳፊው ሁኔታ የሚጠበቀው ባይካርቦኔት 21.6 ነው፤ የተገኘው 21 ነው። እንግዲህ አጣዳፊ የመተንፈሻ አልካሎሲስ ነው። ትርጉሙም፣ የአየር መንገዷ ጠብቧል፤ ጡንቻዎቿ ግን ገና ጠንካራ ስለሆኑ ከሚገባው በላይ እየሠሩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስወጣሉ። በከባድ አስም መጀመሪያ ላይ የምንጠብቀው ይህን ነው።

ሁለተኛው ውጤት በዚህ ንግግር ውስጥ እንድታስታውሱት የምፈልገው ነው። ፒኤች 7.39፣ ግፊቱ 39፣ ባይካርቦኔቱ 23። የመሣሪያው ወረቀት አንዱንም ቁጥር በምልክት አያሳይም፤ ሁሉም በልኩ ነው። ወጣቷም ትንሽ ጸጥ ብላለች፤ የደረቷ ፉጨት ቀንሷል። ተሽሏታል ማለት ይቻላል? ይህን የሚመልሰው አልጋው አጠገብ ያለው ምርመራ ነው። ትንፋሿ ረዘም ብሎ፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ጀምራ፣ በስቴቶስኮፕ ሲደመጥ አየር በሁለቱም ሳንባዎች በሚገባ የሚገባ ከሆነ በእርግጥ ተሽሏታል። ነገር ግን አሁንም በፍጥነት እየተነፈሰች፣ ላብ አጥምቋት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያላት፣ ፉጨቱም የጠፋው የሚያልፍ አየር በማነሱ ከሆነ፣ 39 የሚለው ቁጥር የምሥራች አይደለም። ይህን ያህል የሚታገል ሰው ግፊቱ ከ40 እጅግ ዝቅ ማለት ነበረበት። ከ28 ተነሥቶ 39 የደረሰው ጡንቻዎቹ ስለ ደከሙ ነው። ከአልካሎሲስ ወደ አሲዶሲስ የሚወስደው መንገድ በጤነኛው ልክ በኩል ያልፋል፤ ሁለተኛው ደም የተቀዳው ቁጥሩ በዚያ በሚያልፍበት ሰዓት ነው።

ሦስተኛው ውጤት ይህን ያረጋግጣል። ፒኤች 7.26፣ ግፊቱ 58፤ የመተንፈሻ አሲዶሲስ ነው። ባይካርቦኔቱ 25 መሆኑ ኩላሊት ገና እንዳልደረሰበት፣ ማለትም ነገሩ የሰዓታት ብቻ መሆኑን ይነግረናል። ያለን ጊዜ አጭር ነው፤ በማሽን የታገዘ ትንፋሽ ሊያስፈልጋት ይችላል። መዘጋጀት የነበረብን ግን በሁለተኛው ውጤት ነበር፤ መድኃኒቱን ማጠናከር፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልን መጥራት፣ ለደቂቃም ከአጠገቧ አለመራቅ። በተለይም መረበሿን ለማረጋጋት ተብሎ ማስታገሻ አይሰጣትም፤ የምትተነፍሰው በቀረው ጉልበቷ ነውና።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በጣቷ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ 95 በመቶ ሊያሳይ ይችል ነበር። በጭንብል ኦክስጅን የሚሰጠው ሰው የሚያስወጣው አየር በጣም እያነሰም ደሙ ኦክስጅን ሊያገኝ ይችላል። መለኪያው የሚያውቀው ኦክስጅንን ብቻ ነው፤ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚናገረው የለም።

አሁን ስለ ልኩ ራሱ አንድ ነገር ላንሣ፤ በተለይ በደጋው የአገራችን ክፍል ለምንሠራ ሰዎች የሚጠቅም ነው። ከ35 እስከ 45 የሚለው ልክ የተወሰደው በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰው ሳይታወቀው ትንሽ አብዝቶ ይተነፍሳል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱም ግፊት በጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ኩላሊትም ባይካርቦኔቱን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ፒኤቹ ከ7.40 ብዙ አይርቅም። ለምሳሌ ግፊቱ 34፣ ባይካርቦኔቱ 21፣ ፒኤቹ 7.41 የሆነ ደጋ ነዋሪ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው ግን ግፊቱ ዝቅ ማለቱን በምልክት ያሳያል። በመጀመሪያው እርምጃ የጀመረ ሰው ፒኤቹ በልኩ መሆኑን ስለሚያይ አይሳሳትም። የዚህ ሌላው ፊት ከበድ ይላል። የአስም በሽተኛችን ደጋ ነዋሪ ከሆነች፣ የራሷ ጤነኛ ልክ 34 ገደማ ሊሆን ስለሚችል፣ 39 ለእርሷ ልክ እንኳን አይደለም፤ ከፍ ያለ ነው።

የቆየውን አሲዶሲስ ደግሞ ባጭሩ እንይ። ለብዙ ዓመታት በማገዶ ጭስ ወይም በሲጋራ ሳንባው የተጎዳ ሽማግሌ፣ ፒኤቹ 7.36፣ ግፊቱ 60፣ ባይካርቦኔቱ 33 ሊሆን ይችላል። ግፊቱ በ20 ስለ ጨመረ በቆየ ሁኔታ የሚጠበቀው ባይካርቦኔት 32 ነው፤ ስለዚህ ሰውየው የቆየና ኩላሊት ያካካሰው የመተንፈሻ አሲዶሲስ አለው። 60 የሚለው ቁጥር ለወጣቷ የሞት ደጃፍ ነበር፤ ለእርሱ ግን የዘወትር ኑሮው ሊሆን ይችላል። ለእርሱ የሚያሳስበው ፒኤቹ ከዚህ ሲወርድ ነው። ኦክስጅንም ያለ ልክ ሲሰጠው ግፊቱ ሊጨምር ስለሚችል፣ የጣት መለኪያው ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲሆን ተመጥኖ ይሰጠዋል።

በመጨረሻ፣ ቁጥሩን ከማመናችን በፊት ደሙ እንዴት እንደ ተቀዳ መጠየቅ ይገባል። በመርፌው ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይስብና በሽተኛው ላይ የሌለ አልካሎሲስ ይፈጥራል። ደሙ ሳይመረመር በክፍል ሙቀት ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ የደም ሕዋሳቱ መሥራታቸውን ስለማያቆሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ይጨምራሉ፤ የሌለ አሲዶሲስ ይታያል። በስሕተት ከደም መላሽ የተቀዳ ደም ደግሞ ግፊቱን በአምስት ያህል ከፍ፣ ፒኤቹን በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ኦክስጅኑ ከጣት መለኪያው ጋር የማይገናኝ ሆኖ ሲወርድ ይህን እንጠረጥራለን። ውጤቱ አልጋው ላይ ካለው ሰው ጋር ካልተስማማ ደግሞ መቅዳት ነውር አይደለም።

አልካሎሲስን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በፍጥነት የሚተነፍስ፣ ጣቶቹና ከንፈሩ የሚደነዝዙት ወጣት ሲመጣ ጭንቀት ነው ተብሎ ቶሎ ይሸኛል። መደንዘዙ የሚመጣው ደሙ አልካሊ ሲሆን ነጻው ካልሲየም ስለሚቀንስ ነው፤ መነሻው ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሳንባ ምች፣ በሳንባ የደም ቧንቧ ውስጥ የተሰነቀረ የረጋ ደም፣ በደም የተሠራጨ ኢንፌክሽን፣ የጉበት በሽታም ይህንኑ የመተንፈሻ አልካሎሲስ ያመጣሉ። ምርመራው ብዙ መተንፈሱን ይነግረናል፤ ለምን እንደሚተነፍስ ግን አይነግረንም። ጭንቀት የሚባለው ሌሎቹ ተፈልገው ከታጡ በኋላ ነው፤ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ተንፍስ የሚለው የድሮ ምክርም ኦክስጅን ያነሰውን ሰው ሊገድል ስለሚችል መቅረት አለበት።

እንግዲህ ነገ ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ ዓይናችሁ በቅድሚያ ፒኤቹ ላይ ይረፍ፤ ቀጥሎ ግፊቱ ላይ፤ ቀጥሎ ባይካርቦኔቱ ላይ። ከዚያ የቀደመው ወረቀት ካለ አጠገቡ አስቀምጡት፤ ከዚያም ቀና ብላችሁ በሽተኛውን ተመልከቱ።